አይሶሉሲን፦ በአንድ ካርበን የሚለይ አሚኖ አሲድ

ሕዋስ ፕሮቲን ሲሠራ በመልእክተኛ አርኤንኤ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ ይነበባል። ሦስቱ ፊደላት በአንድ ላይ ኮዶን ይባላሉ። የሚያነበው ራይቦዞም ነው፤ ኮዶኑ የሚጠይቀውን አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣው ግን አጓጓዥ አርኤንኤ የተባለ አነስተኛ ሞለኪውል ነው። የዚህ ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ አንቲኮዶን የሚባሉትን ሦስት ፊደላት ይዟል፤ እነሱ ከኮዶኑ ጋር ይጣመራሉ። አሚኖ አሲዱ የሚንጠለጠለው በሌላኛው ጫፍ ነው።

ራይቦዞም ጭነቱን አይመረምርም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 ፍራንስዋ ሻፕቪልና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ በግልጽ አሳይተዋል። ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በራሱ አጓጓዥ ላይ ካስጫኑ በኋላ፣ ከተጫነበት ሳያወርዱት ድኝ አቶሙን በኒኬል አማካይነት አወጡበት። ድኙ የወጣለት ሲስቲን አላኒን ወደሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ተለወጠ። ራይቦዞሙ ይህን ልዩነት ሳይገነዘብ አላኒኑን በሲስቲን ቦታ ሰካው። ስለዚህ የፕሮቲኑ ትክክለኛነት የሚወሰነው ከራይቦዞም በፊት፣ አሚኖ አሲዱ በአጓጓዡ ላይ በሚጫንበት ጊዜ ነው።

ጭነቱን የሚያከናውኑት አሚኖአሲል ቲአርኤንኤ ሲንተቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። በአብዛኞቹ ሕዋሳት ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ፣ በጠቅላላው 20 ዓይነት አሉ። ሥራው በሁለት ደረጃ ይሄዳል። ኢንዛይሙ መጀመሪያ አሚኖ አሲዱንና የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የሆነውን ኤቲፒ ያገናኛል፤ ከኤቲፒው ሁለት ፎስፌቶች ተቆርጠው ሲወጡ አሚኖ አሲዱ ከቀሪው ክፍል ጋር ተጣብቆ ኃይል ያዘለ ይሆናል። ከዚያም አሚኖ አሲዱ ሲ-ሲ-ኤ በሚሉ ፊደላት ወደሚያልቀው የአጓጓዡ ጫፍ ይዛወርና በመጨረሻዋ ኤ ላይ ይታሰራል።

ኢንዛይሙ የራሱን አጓጓዥ ለይቶ ማወቅ ብዙ አይቸግረውም። አጓጓዥ አርኤንኤ ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ የሚዳሰስ ብዙ ቦታ አለው፤ ብዙዎቹ ሲንተቴዞች አንቲኮዶኑን ራሱን ይፈትሻሉ፤ የአላኒኑ ደግሞ ከአንቲኮዶኑ ርቃ በጫፉ አቅራቢያ ያለችውን አንዲት የጂና የዩ ጥንድ ይመለከታል። አስቸጋሪው አሚኖ አሲዱን መለየት ነው። ከሁሉም የሚከፋው የአይሶሉሲንና የቫሊን ጉዳይ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት አይሶሉሲን በተጨማሪ በያዘው አንድ ካርበንና ሁለት ሃይድሮጂን ብቻ ነው።

ለአይሶሉሲን በተዘጋጀ ጉድጓድ ውስጥ ከእሱ የሚተልቅ ሊገባ አይችልም፤ ቫሊን ግን አነስ ስለሚል ያለ ችግር ይገባል። የሚጎድለው ያቺ ካርበን የምትሰጠው ተጨማሪ ትስስር ነው። ይህ ጉድለት ኢንዛይሙ አይሶሉሲንን 200 እጥፍ ያህል እንዲመርጥ ያስችለዋል። በሕዋስ ውስጥ ግን ቫሊን ከአይሶሉሲን አምስት እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ስለዚህ 200 ለአምስት ሲካፈል ከ40 ጭነት አንዱ ስሕተት መሆን ነበረበት። በተግባር ሲለካ የተገኘው ከ3,000 አንድ ገደማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ስለማይጣጣሙ፣ ከመጀመሪያው ምርጫ ሌላ አንድ ማጣሪያ መኖር አለበት ማለት ነው።

ፍንጩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በስሕተት ኃይል ያዘለ ቫሊን የያዘው ኢንዛይም የአይሶሉሲን አጓጓዥ ሲቀርብለት ቫሊኑን በመጫን ፈንታ በውሃ ሰንጥቆ ጣለው። አለን ፈርሽት የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት ይህን በሁለት ወንፊት መሰለው። የመጀመሪያው ወንፊት ከአይሶሉሲን የሚተልቀውን ያስቀራል። ሁለተኛው አይሶሉሲን ራሱ የማይገባበት ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ቫሊን ብቻ ነው፤ የገባውም ከተጣበቀበት ይላቀቃል። ነገሩ ብልህ ነው፦ አንዱ ወንፊት ትልቁን፣ ሌላው ትንሹን ስለሚያስወግድ መሃል ላይ የሚተርፈው ትክክለኛው መጠን ብቻ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢንዛይሙ ቅርጽ በኤክስሬይ ሲታይ ሁለተኛው ጉድጓድ ከመጀመሪያው ርቆ በእርግጥ ተገኘ። ይህ ጥንቃቄ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በተጣለው ቫሊን ቁጥር ኤቲፒ ይባክናል።

ሁለተኛው ማጣሪያ ሲደክም ምን እንደሚከተል በአንድ የአይጥ ዘር ላይ ታይቷል። በዚህ ዘር የተጎዳው የአላኒን ሲንተቴዝ ሲሆን፣ በስሕተት የተጫነ ሴሪንን የማስወገድ ችሎታው የቀነሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ይሁንና በትንሹ አንጎል ያሉት ፑርኪንዬ የሚባሉ ነርቮች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ አይጧም ሚዛኗን እየሳተች ትሄዳለች። በውስጣቸው የሚታየው በትክክል ያልታጠፈ ፕሮቲን ክምችት ነው።

ጭነቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው የንባቡ ጉዳይ ነው። ከ64ቱ ኮዶኖች ሦስቱ የማቆሚያ ምልክቶች ናቸው፤ 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ ኮዶን የራሱ አጓጓዥ ቢኖር 61 ዓይነት ያስፈልግ ነበር፤ ሕዋሳት ግን ከዚያ ባነሰ ዓይነት አንቲኮዶን ይሠራሉ። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ፍራንሲስ ክሪክ ነው። የኮዶኑ አንደኛና ሁለተኛ ፊደላት ከአንቲኮዶኑ ጋር በጥብቅ ደንብ ይጣመራሉ፦ ኤ ከዩ፣ ጂ ከሲ። ሦስተኛው ፊደል ላይ ግን የአንቲኮዶኑ ተጣማሪ ፊደል ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይችላል። ይህን ልል ጥምረት ክሪክ የ«መወዛወዝ» ጥምረት አለው። በዚህ ቦታ ጂ ሲንም ዩንም ያነባል፤ ዩ ደግሞ ኤንም ጂንም ያነባል። ኤ ተለውጣ የምትገኘው ኢኖሲን ዩን፣ ሲንና ኤን ታነባለች። በዚህ ደንብ ሲቆጠር 31 አጓጓዦች 61ዱን ኮዶኖች ለማንበብ ይበቃሉ። የሰው ማይቶኮንድሪያማ ደንቡን የበለጠ አላልቶ በ22 ብቻ ይሠራል።

ልልነቱ ችግር የሚፈጥርበት ቦታም አለ፤ እሱም እንደገና አይሶሉሲን ነው። ሦስት ኮዶኖች አሉት፦ ኤ-ዩ-ዩ፣ ኤ-ዩ-ሲ እና ኤ-ዩ-ኤ። አራተኛው ጎረቤታቸው ኤ-ዩ-ጂ ግን ሜታዮኒን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይጠራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በጂ የሚጀምር አንቲኮዶን ይበቃቸዋል። ለኤ-ዩ-ኤ በዩ የሚጀምር ቢመደብ ግን መወዛወዙ ኤ-ዩ-ጂንም እንዲያነብ ስለሚያደርገው በሜታዮኒን ቦታ አይሶሉሲን ይገባል። የሰው ሕዋስ መፍትሔው ኢኖሲን ነው፤ ሦስቱንም አንብባ ጂ ላይ ትቆማለች።

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ የሄደበት መንገድ ይበልጥ ያስገርማል። ለኤ-ዩ-ኤ ያዘጋጀው አጓጓዥ ከጂኑ ሲቀዳ አንቲኮዶኑ ሲ-ኤ-ዩ ነው፤ ይህ የሜታዮኒን አንቲኮዶን ነው። ቲል-ኤስ የተባለ ኢንዛይም መጥቶ በሲዋ ላይ ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይለጥፍባታል። የተለወጠችው ፊደል ላይሲዲን ትባላለች፤ ከዚያ በኋላ ጂን ትታ ከኤ ጋር ብቻ ትጣመራለች። በዚሁ አንድ ለውጥ ጫኙም ይቀየራል፦ ከለውጡ በፊት አጓጓዡን የሜታዮኒን ሲንተቴዝ ይቀበለው ነበር፤ ከለውጡ በኋላ የአይሶሉሲኑ ብቻ ይጭነዋል። ቲል-ኤስ የሌለው ኢ. ኮላይ አያድግም።

ይህ አጓጓዥ በባክቴሪያው ውስጥ ጥቂት ነው፤ ኮዶኑም በራሱ ጂኖች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። የሰው ጂን በኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብተው ፕሮቲን የሚያመርቱ ቤተ ሙከራዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ጂኑ ኤ-ዩ-ኤ ከበዛበት ራይቦዞሙ አጓጓዡን ሲጠብቅ ይቆማል፤ ምርቱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱም ፕሮቲን ሳያልቅ ተቆርጦ ይቀራል። ለዚህ ሲባል የዚህ አጓጓዥ ተጨማሪ ጂን የገባላቸው የባክቴሪያው ዝርያዎች ተዘጋጅተው ይሸጣሉ።