የፈራሚው ስም መዝገቡ ላይ አለ?

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ጥሬ ቡና ይይዛል። ጆንያው 60 ኪሎ ስለሆነ ጠቅላላ ክብደቱ 19,200 ኪሎ ነው። ኪሎው በ6 ዶላር ተሸጠ ብንል የዕቃው ዋጋ 115,200 ዶላር ይደርሳል። በዓመት ሁለት ሦስት ኮንቴይነር ብቻ ለሚልክ የቡና ነጋዴ ይህ ከባንክ የተበደረው፣ ከገበሬው በዱቤ የወሰደውና ከቤተሰቡ ያሰባሰበው ገንዘብ ሁሉ ነው።

ሽያጩ ሲኤዲ በሚባለው መንገድ ከሆነ ሰነዱ በባንክ በኩል ይሄዳል፤ ገዢው ከፍሎ ሰነዱን ይረከባል። ባይከፍልስ? ቡናው በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሃምቡርግ ወደብ ደርሷል። የወደብ ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ላኪው ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሌላ ገዢ ይፈልጋል። ስለዚህ የገዢው ማንነት መጣራት ያለበት ቡናው ከመጋዘን ሳይወጣ ነው።

ገዢው የጀርመን ኩባንያ ከሆነ የሚጠየቀው አካል ፍርድ ቤት ነው። በጀርመን የንግድ መዝገቡን የሚይዙት የንግድ ሚኒስቴርም የንግድ ምክር ቤትም አይደሉም፤ አምትስጌሪሽት የሚባሉት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና አክሲዮን ማኅበር HRB በሚለው ክፍል ይመዘገባሉ፤ ግለሰብ ነጋዴዎችና የሽርክና ማኅበራት ደግሞ HRA በሚለው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ጠያቂው ለምን እንደፈለገው ማስረዳት የለበትም። ከነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ handelsregister.de ላይ ገብቶ መዝገቡን በነፃ ማየት ይቻላል።

በነፃ የሚታይ ከሆነ ደብዳቤው ለምን አስፈለገ? ከስክሪን ላይ የታተመ ወረቀት ለላኪው መረጃ ይሆነዋል እንጂ፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ለዳኛ፣ ለባንክ ወይም ለኢንሹራንስ ሲቀርብ የሚመዝነው ፍርድ ቤቱ ራሱ ያረጋገጠው ቅጂ ነው። ጥሩው አካሄድ መጀመሪያ በነፃ አይቶ ኩባንያውን በትክክል መለየት፣ ከዚያም ስለዚያ ኩባንያ ብቻ የተረጋገጠ ቅጂ መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። የመዝገብ ቁጥሩ በመላው ጀርመን አንድ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፍርድ ቤት የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ሃምቡርግ ውስጥ አንድ ቁጥር የያዘ የቡና አስመጪ ሲኖር ያው ቁጥር ብሬመን ላይ የሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። የፍርድ ቤቱ ስም ያልተጠቀሰበት ቁጥር ግማሽ አድራሻ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ቋንቋ ነው፤ የጀርመን ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ጀርመንኛ እንደሆነ በሕግ ስለተደነገገ ደብዳቤው በጀርመንኛ መጻፍ አለበት። አጭር ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል። ይዘቱ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ለሃምቡርግ አምትስጌሪሽት፣ የንግድ መዝገብ ክፍል።

ጉዳዩ፦ የተረጋገጠ የመዝገብ ቅጂ ስለመጠየቅ።

ሙሉ የንግድ ስሙ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኝበት ከተማና የHRB ቁጥሩ ከዚህ በታች የተገለጸውን ኩባንያ በተመለከተ፦ አንደኛ፣ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ምዝገባ የሚያሳይ የተረጋገጠ ቅጂ፤ ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደረጉትን ለውጦች በቅደም ተከተል የሚያሳይ ቅጂ፤ ሦስተኛ፣ በመጨረሻ የገባውን የባለድርሻዎች ዝርዝር በፖስታ እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ክፍያውን እንሸፍናለን፤ ሒሳቡ ከታች በተመለከተው አድራሻ ይላክልን።»

ክፍያው ለአንድ የተረጋገጠ የወረቀት ቅጂ 20 ዩሮ አካባቢ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ከኢትዮጵያ 20 ዩሮ መላክ ከብሩ ይልቅ ውጣ ውረዱ ያደክማል። መዝገቡ ለማንም ክፍት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ጀርመን የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ በራሱ ስም ማመልከት፣ መክፈልና ቅጂውን መቀበል ይችላል።

ቅጂው ሲደርስ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ካፒታሉ ላይ ነው። የጀርመን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዝቅተኛ ካፒታል 25,000 ዩሮ ነው፤ ለመመዝገብ ግማሹ ከገባ ይበቃል። ከላይ ካሰላነው ኮንቴይነር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል አነስተኛ እንደሆነ ግልጽ ነው። ቁጥሩም ኩባንያው ዛሬ ባንክ ውስጥ ያለውን ገንዘብ አይናገርም። የመክፈል አቅምን በመጠኑም ቢሆን ለማወቅ unternehmensregister.de ላይ የሚወጣውን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ማየት ይሻላል።

ከቅጂው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ስለ ሥራ አስኪያጆችና ስለ ሥልጣናቸው የሚናገረው ክፍል ነው። አንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ብቻውን ኩባንያውን ይወክላል። ሌላው ግን «ከሌላ ሥራ አስኪያጅ ወይም ከተመዘገበ ወኪል ጋር በጋራ» ተብሎ ይመዘገባል። እንበልና የላኪው ውል በአንድ ሰው ብቻ ተፈርሟል፤ ቅጂው ደግሞ ያ ሰው በጋራ ካልሆነ በቀር መፈረም እንደማይችል ያሳያል። ፊርማው እውነተኛ ነው፣ ሰውዬውም በእርግጥ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ውሉ ግን ኩባንያው እስኪያጸድቀው ድረስ አያስገድደውም። የቡና ዋጋ በመካከሉ ቢወርድ ገዢው ላለማጽደቅ በቂ ምክንያት ያገኛል።

በዚህ ጉዳይ የጀርመን የንግድ ሕግ ሁለት ፊት አለው። መመዝገብ የነበረበት ነገር ካልተመዘገበ፣ ለምሳሌ የተሻረ ሥራ አስኪያጅ ስሙ ገና ካልተሰረዘ፣ ኩባንያው ሽረቱን በማያውቅ ውጫዊ ሰው ላይ ሊከራከርበት አይችልም። በትክክል የተመዘገበና የታወጀ ነገር ግን በሁሉም ላይ ይጸናል፤ «መዝገቡን አላየሁም» ማለት ላኪውን አያድነውም። ለዚህ ነው ቅጂው ውሉ ከመፈረሙ በፊት መድረስ ያለበት።

የማያሳየውም ነገር አለ፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አጭበርባሪዎች በእውነት ያለ፣ ስመ ጥር ኩባንያ መርጠው በስሙና በመዝገብ ቁጥሩ ይጽፋሉ፤ ኢሜይሉና ስልኩ ብቻ የእነርሱ ነው። ላኪው መዝገቡን ሲጠይቅ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ይመጣል፣ ኩባንያው እውነተኛ ነዋ! ሐሰተኛው የሚያነጋግረው ሰው ነው። በመዝገቡ ላይ ኢሜይል የለም፤ የኩባንያው የሥራ አድራሻ ግን አለ። ላኪው በዚያ አድራሻ በፖስታ ወይም በመልእክተኛ ድርጅት አጭር ደብዳቤ ልኮ «ይህን ትእዛዝ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሌላው መንገድ የኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ ነው፤ የጀርመን ሕግ የንግድ ድረ ገጾች የባለቤቱን ስም፣ አድራሻ፣ የመገናኛ መንገድና የመዝገብ ቁጥር እንዲገልጹ ያስገድዳል። ስልኩ ከዚያ ተወስዶ ይደወላል፣ በኢሜይል ከመጣው ደብዳቤ ግርጌ ግን አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ የቀረው ውሉን ማስተካከል ነው። ቅጂው የጋራ ፊርማ የሚጠይቅ ከሆነ ላኪው ሁለተኛውን ፈራሚ በስም ይጠይቃል፤ የኩባንያውን ሙሉ ስም፣ የፍርድ ቤቱን ስምና የHRB ቁጥሩን በውሉ መጀመሪያ ላይ ያስገባል፤ የተረጋገጠውን ቅጂም ከነቀኑ አባሪ ያደርገዋል። ገዢው ሁለተኛውን ፊርማ ለማምጣት ካንገራገረ ቡናው ገና አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ለሌላ ገዢ ለማቅረብም ጊዜ አለ።