ትምህርት ያቋረጠ ሰው ደብዳቤ

በመሥሪያ ቤታቸው ደመወዝ ውጭ አገር ለትምህርት ሄደው የሚያቋርጡ መምህራን የሚልኩት ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ሕግ ክፍል ይመራል። አብዛኛው ስለ አማካሪው ፕሮፌሰር ጠባይና ስለ ጤና እክል በሰፊው ያትታል። ያሳዝናል፤ ሒሳቡን የሚወስነው ግን ትምህርቱ የቆመበት ቀን ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

አንድ ጉዳይ ላንሳ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመች አቃልያቸዋለሁ። መምህሩ መስከረም ላይ ሄደ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አቋረጠ፣ ደብዳቤውን ግን የጻፈው በዓመቱ ጥቅምት ማብቂያ ነው። ደመወዙ 11,000 ብር በየወሩ ባንክ ይገባለት ነበር። የ14 ወሩ 154,000 ብር ሆነ፤ በመሥሪያ ቤቱ የተገዛው ትኬት 60,000 ብር ሲደመር 214,000። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው ሦስት ወር 33,000 ብር የትምህርት ወጪ አይደለም፤ ሳይማርም ሳይሠራም የወሰደው ደመወዝ ነው። ተመልሶ በውሉ የተጻፈውን ዓመት ቢያገለግል የቀረው ሊጣጣለት ይችል ነበር፤ ይህን ግን አገልግሎት አያካክሰውም።

የእሱ ደብዳቤ «ያለብኝን ዕዳ በሙሉ እከፍላለሁ» ይላል። ጨዋነት ነው፣ ግን ሒሳቡን ሳያይ አመነ ማለት ነው። ውሉ ትኬትን ያስከፍላል ወይ? አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የከፈለውን የትምህርት ክፍያስ ይጨምራል? ውል ከውል ይለያያል፤ መጀመሪያ ውሉን ማንበብ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ትምህርቴን ከሐምሌ 30 ጀምሮ ማቋረጤን ከዩኒቨርሲቲው የተሰጠኝን ማስረጃ አያይዤ አሳውቃለሁ። ደመወዜ ከዚሁ ቀን ጀምሮ እንዲቆም፣ በውሉ መሠረት የሚጠየቀኝ ሒሳብ በዝርዝር በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።» ተመልሶ ሥራ መጀመር የሚፈልግም የሚመለስበትን ቀን እዚያው ይጨምር፤ በብዙ ውሎች ያልተመለሰና የተመለሰ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችልም ሒሳቡ ከደረሰው በኋላ በየወሩ ስንት እንደሚችል በቁጥር ጽፎ ይጠይቅ። «እንደ አቅሜ» የሚል ቃል ላይ ማንም ኃላፊ አይፈርምም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የዋሱ ነገር ነው። ዋሱ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ክፍለ ሀገር ያለ ወንድም አለዚያም የሥራ ባልደረባ ነው፤ ነገሩን የሚሰማው መጥሪያ ሲደርሰው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትናው የሚደርስበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ አይጸናም። በዚህ ጉዳይ ጣሪያው 200,000 ብር ነበርና ዋሱ ከዚያ በላይ አይጠየቅም፤ የተረፈው 14,000 በመምህሩ ላይ ይቀራል። እስከ 200,000ው ግን የዋሱ ደመወዝ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲጻፍ ከሰው ሀብት ክፍል ቀጥሎ የዋሱ ስም ግልባጩ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ስልክ ይደወልለት።