«85 በመቶ ደርሷል» ሲሉን ምን ብለን እንጠይቅ?

«ፕሮጀክቱ በተያዘለት ዕቅድ መሠረት እየተከናወነ ነው፤ አፈጻጸሙም 85 በመቶ ደርሷል።» እንዲህ ያለ መልስ በዜና ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቁጥር ስላለበት መረጃ ይመስላል። ጋዜጠኛው መዝግቦ ይሄዳል፤ እኛም ሰምተን እናልፋለን። ግን ከምኑ ነው 85ቱ? የቀረው 15ስ የትኛው ሥራ ነው? መናገር የማይፈልግ ባለሥልጣን ብዙ ጊዜ ዝም አይልም፤ እንዲያውም ብዙ ይናገራል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድ ቀን፣ አንድ መጠን፣ አንድ ስም ይዞ መውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሙያው ትልቁ ክፍል የሚሠራው ደግሞ ወደ ቢሮው ከመገባቱ በፊት፣ ጥያቄ ሲጻፍ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንድ ከተማ እናስብ። የውኃ ፕሮጀክት ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሦስት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ፣ የመስመር ዝርጋታና ለየሰፈሩ ቦኖ ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ግን አሁንም ውኃ በቦቴ ይገዛል። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከብዙ ምልልስ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ፈቀዱ። ብዙዎቻችን ብንሆን ይዘን የምንገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የከተማውን የውኃ ችግር ለመፍታት ምን እየሠራችሁ ነው?» ይህ ጥያቄ ንግግር እንዲደረግለት የሚጋብዝ ነው። ኃላፊው ርብርብ ስለመደረጉ፣ አቅጣጫ ስለመቀመጡ፣ ክፍተቶች ስለመለየታቸው ሃያ ደቂቃ ሊናገሩ ይችላሉ፤ በጥያቄው መሠረት መልሰዋልና ልንወቅሳቸው አንችልም።

ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ወረቀት ይቀድማል። ውሉ መቼ ተፈረመ? የመጀመሪያው የማጠናቀቂያ ቀን መቼ ነበር? በየዓመቱ ምን ያህል በጀት ተያዘለት? ለምክር ቤት በቀረቡት ሪፖርቶች ላይ አፈጻጸሙ ስንት ተባለ? የክልሉ ዋና ኦዲተር ያለው ነገር አለ? በአገራችን መረጃ የመጠየቅ መብት በሕግ የታወቀ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል። ሰነዱ በጊዜው ባይሰጥ እንኳ ማመልከቻው ራሱ ጥያቄ ይሆናል፦ «በዚህ ቀን የውሉን ቅጂ ጠይቄ ነበር፤ ያልተሰጠኝ በማን ውሳኔ ነው?»

ከወረቀቱ ቀጥሎ ሥራውን በዓይን ያዩ ሰዎች ይመጣሉ፦ የተቋራጩ ሠራተኛ፣ የአማካሪው መሐንዲስ፣ ከማጠራቀሚያው አጠገብ የሚኖር ሰው። ከእነሱ የሚገኘው ጥያቄውን የት ላይ ማነጣጠር እንዳለብን የሚጠቁም ፍንጭ ነው። ለምሳሌ አንዱ «ጉድጓዶቹ አልቀዋል፤ መብራት ግን አልገባላቸውም» ብሎ ነገረን እንበል። ከግማሽ ሰዓቱ ውስጥ አሥሩ ደቂቃ የት እንደሚውል ታወቀ ማለት ነው።

አሁን 85 በመቶውን እንፍታው። የመጀመሪያው ጥያቄ «85 በመቶ የተባለው ከምኑ ነው፤ ከጠቅላላው ፕሮጀክት ነው ወይስ ከዘንድሮው ዕቅድ?» የሚል ነው። ልዩነቱ ግዙፍ ነው። ለዘንድሮ የታቀደው ከጠቅላላው ሥራ አንድ አምስተኛው ብቻ ቢሆን፣ የዚያ 85 በመቶ ማለት ከመላው ፕሮጀክት 17 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «የተለካው በተከፈለው ገንዘብ ነው ወይስ በተሠራው ሥራ?» ይሆናል። ለተቋራጩ የሚሰጠው የቅድሚያ ክፍያ አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር ወጪ ሆኖ ይመዘገባልና የገንዘቡ አፈጻጸም ከአካላዊው አፈጻጸም ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው ጥያቄ «ያልተሠራው 15 በመቶ የትኛው ሥራ ነው?» ነው። ዋናው ነገር የሚወጣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ፣ ማጠራቀሚያውና ቧንቧው የገንዘቡን አብዛኛውን ክፍል ስለሚወስዱ እነሱ ሲያልቁ መቶኛው ከፍ ይላል። የቀሩት ፓምፕና ትራንስፎርመር ከሆኑ ግን 85 በመቶ በተሠራበት ፕሮጀክት አንድ ባልዲ ውኃ አይቀዳም። ኃላፊው አልዋሹም፤ ቁጥሩ ግን ውኃ መኖር አለመኖሩን አይነግረንም።

ሦስቱም ጥያቄዎች አጫጭር መሆናቸውን፣ እያንዳንዳቸውም አንድ ነገር ብቻ መጠየቃቸውን ልብ በሉ። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ «ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ» ብሎ ረጅም መግቢያ መናገር የተለመደ ነው። ተጠያቂው ከሦስቱ ቀላሉን መርጦ በሰፊው ይመልስና ሁለቱን ይተዋል፤ ጠያቂው እንዳልተመለሰለት እስኪገነዘብ ተራው አልፏል። ካናዳዊው ጋዜጠኛ ጆን ሳዋትስኪ ለብዙ ዓመታት ለባልደረቦቹ ሲያስተምር አጥብቆ የተቃወማቸውም እነዚህን ነበር፦ ድርብ ጥያቄ፣ ጥያቄ መስሎ የሚቀርብ አስተያየት፣ በውስጡ ፍርድ ያለበት ቃል።

ፍርድ ያለበት ቃል ምን እንደሚያደርግ ለማየት በግንቦት 1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቢቢሲ ኒውስናይት የተላለፈውን ቃለ መጠይቅ እናስታውስ። ጄረሚ ፓክስማን የቀድሞውን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን የጠየቃቸው የማረሚያ ቤቶች ዋና ዳይሬክተር ስለነበሩት ዴሪክ ሉዊስ ነበር። ውሳኔያቸውን እሽራለሁ ብለው ዳይሬክተሩን አስፈራርተዋቸው እንደሆነ ያንኑ ጥያቄ ከአሥር ጊዜ በላይ መላልሶ ጠየቃቸው። ሃዋርድ በየጊዜው የመለሱት ሌላ ነገር ነበር፦ ትእዛዝ አልሰጠሁም። ቃለ መጠይቁ ዝነኛ ሆነ፤ ሰውየው እየሸሹ መሆናቸውን ተመልካች ሁሉ አየ። መሸሽን ማሳየት ራሱ ዋጋ አለው። ሚኒስትሩና ዳይሬክተሩ ባደረጉት ስብሰባ ላይ ስለተባለው ግን ያ ጥያቄ ብዙ አዲስ ነገር አላወጣም። «ማስፈራራት» ሰው ሊከራከርበት የሚችል ቃል ነው። በዚያ ቦታ «ያን ቀን ምን አሏቸው? እሳቸውስ ምን መለሱ? በክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ነበር? ቃለ ጉባኤ ተይዟል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሶቹ ከሌላ ምስክርና ከሰነድ ጋር ሊመሳከሩ የሚችሉ ይሆኑ ነበር።

እኛም ወደ ከተማችን ስንመለስ «ፕሮጀክቱን ለምን አጓተታችሁት?» አንልም። «ማጓተት» እንደ «ማስፈራራት» ነው፤ ኃላፊው በቃሉ ላይ ይከራከራሉ። ይልቁንም እንዲህ እናስከትላለን። «በመጀመሪያው ውል መሠረት ሥራው የሚጠናቀቀው መቼ ነበር?» «ከዚያ በኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ስንት ጊዜ ተሰጠ?» «የመጨረሻውን ማራዘሚያ የፈቀደው ማን ነው?» «በማራዘሚያው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ምክንያት ምንድን ነው?» የመጀመሪያውን መልስ እኛም ከውሉ እናውቀዋለን። ሆን ብለን ከሚታወቀው የምንጀምረው ኃላፊው በቀላሉ እንዲመልሱና በሁለታችን መካከል ክርክር የሌለበት መነሻ እንዲኖር ነው። ሰነዱን መጀመሪያ ላይ አውጥተን ብናሳያቸው መልሳቸውን በሰነዱ ልክ ይሰፉታል። መጀመሪያ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ፤ ልዩነት ካለ ከዚያ በኋላ ሰነዱን አሳይተን «ይህ ከነገሩኝ ጋር አይገጥምም፤ ልዩነቱን እንዴት ያስረዱኛል?» እንላለን። ይህ ለእሳቸውም ፍትሐዊ ነው፤ ምናልባት የኛ ሰነድ አሮጌ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚሸሽ ሰው ይሸሻል። ሽሽቱ ግን ሁልጊዜ በጥቂት በሮች በኩል ስለሆነ ለእያንዳንዱ በር ተከታይ ጥያቄ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። «አቅጣጫ ተቀምጧል» ሲባል አቅጣጫውን ያስቀመጠው ሰው አይታወቅም፤ ስለዚህ «አቅጣጫውን የሰጠው ማን ነው? በየትኛው ስብሰባ?» እንላለን። «የሚመለከተው ሌላ አካል ነው» ሲባል መልሱን እንቀበልና እንቀጥላለን፦ «ለዚያ አካል በደብዳቤ አሳውቃችኋል? የደብዳቤው ቀን መቼ ነው? መልስ መጥቷል?» በኛ ምሳሌ መብራቱን ማስገባት የነበረበት መብራት ኃይል ነው ከተባለ፣ የኃይል ማስገቢያው ክፍያ መቼ እንደተፈጸመ ከነደረሰኙ እንጠይቃለን። ክፍያው ገና ካልተፈጸመ ጉዳዩ ከመብራት ኃይል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው በር «ቁጥሩን አሁን አላስታውሰውም» ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸግረውም እሱ ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላልና። እዚህ ላይ ብዙ ጋዜጠኞች የሚማረሩበት ልማድ ሊጠቅመን ይችላል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ጥያቄው አስቀድሞ በደብዳቤ እንዲላክ ይጠይቃሉ። እንላክ፤ ግን የምንልከው አኃዝና ቀን የሚጠይቁትን ብቻ ይሁን፦ የውሉ ዋጋ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ የማራዘሚያዎቹ ቀናት፣ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ምርት በሊትር በሰከንድ። እነዚህ በጽሑፍ ከተላኩ «አላስታውስም» የሚባልበት ምክንያት አይኖርም። የ«ለምን» እና የ«ማን» ጥያቄዎችን፣ ተከታዮቹንም ጭምር፣ በእጃችን እናስቀራለን። ቁጥሩ አሁንም ካልተገኘ «በቢሮው ውስጥ ይህን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? ዛሬ ከእርሱ ልውሰድ?» ብለን ሰውንና ቀንን እናስይዛለን።

እርግጥ ይህ ሁሉ ወሰን አለው። ኃላፊው ቃለ መጠይቁን አቋርጠው ሊነሱ፣ የሐሰት ቁጥርም ሊሰጡ ይችላሉ። በደንብ የተጻፈ ጥያቄ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን «በመጋቢት ወር ተከፍሏል» የሚል መልስ ሐሰት ከሆነ በደረሰኝ ይጋለጣል፤ «ርብርብ እየተደረገ ነው» የሚለውን ግን የሚያጋልጠው ሰነድ የለም። እንደ መጀመሪያው ያለ ሊመሳከር የሚችል መልስ ነው የምንፈልገው።

ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ይህን ፈተና አድርጉ። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቡና ኃላፊውን ሆናችሁ «በትኩረት እየሠራንበት ነው» ብላችሁ መልሱ። መልሱ ለጥያቄው የሚስማማ ከሆነ ጥያቄውን ሰርዙና ወይ ቀን፣ ወይ መጠን፣ ወይ ስም፣ ወይ ሰነድ የሚጠይቅ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት። ከሃያ ጥያቄ ስድስት ቢተርፍም ለግማሽ ሰዓት ስድስት በቂ ነው።