ላሶ ለምን ዜሮ ላይ ያቆማል?

እ.ኤ.አ. በ1989 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ቶማስ ስቴሚ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ፕሮስቴታቸው በቀዶ ጥገና ሊወጣ የነበረ የ97 ወንዶችን መረጃ አሳተሙ። ጥያቄው በደም ውስጥ የሚለካው ፒኤስኤ ከስምንት ሌሎች መለኪያዎች ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ነበር። ይህ መረጃ እስከ ዛሬ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ሪግሬሽን የሚለማመዱበት ነው።

ከ97ቱ ታካሚዎች የ67ቱ መረጃ በተለመደው ሪግሬሽን ሲሰላ (ስምንቱም መለኪያዎች መጀመሪያ ወደ አንድ ሚዛን መጥተዋል) የዕጢው መጠን 0.680 የሆነ ኮኤፊሸንት ያገኛል። ካንሰሩ የፕሮስቴቱን ሽፋን ጥሶ የወጣበት መጠን ግን -0.288 ይሆናል። ይህ ግራ ያጋባል፤ ለብቻው ሲታይ ሽፋኑን ጥሶ የወጣ ካንሰር ከከፍተኛ ፒኤስኤ ጋር ነው የሚሄደው። ምክንያቱ ሁለቱ መለኪያዎች አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉ መሆናቸው ነው። ስሌቱ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በቅጡ መለየት ስለማይችል ለአንዱ አብዝቶ ይሰጥና ትርፉን ከሌላው ይቀንሳል። ታካሚዎቹ ትንሽ ቢቀየሩ ቁጥሮቹም አብረው ይዋዥቃሉ።

መፍትሔው ኮኤፊሸንቶች ባደጉ ቁጥር ቅጣት እንዲከፈልባቸው ማድረግ ነው። አርተር ሆርልና ሮበርት ኬናርድ በ1970 ያቀረቡት ሪጅ የኮኤፊሸንቱን ካሬ ይቀጣል። ሮበርት ቲብሺራኒ በ1996 ያቀረበው ላሶ ደግሞ ምልክቱን ትቶ መጠኑን ብቻ ይቀጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም።

አንድ ኮኤፊሸንት ብቻ እንውሰድ። ያለ ቅጣት ቢሆን ኖሮ መረጃው 0.4 ይሰጠው ነበር እንበል። የስሌቱ ስህተት ከ0.4 ያለው ርቀት ካሬ ግማሽ ይሁን፤ ስለዚህ ዜሮ ላይ ብንቀር ስህተቱ 0.08 ነው። አሁን ከዜሮ ወደ 0.01 አንድ ትንሽ እርምጃ እንሂድ። ስህተቱ ወደ 0.07605 ይወርዳል፤ ትርፋችን 0.00395 ነው። የላሶ ቅጣት በአንድ ቢባዛ የዚህ እርምጃ ዋጋ 0.01 ይሆናል። ከትርፉ ስለሚበልጥ ባለንበት ዜሮ ላይ መቅረት ይሻላል። የሪጅን ቅጣት የካሬውን ግማሽ ብናደርገው ደግሞ ያው እርምጃ 0.00005 ብቻ ያስከፍላል። ትርፉ ከዋጋው እጅግ ስለሚበልጥ ሪጅ ይነሳል፤ የሚያቆመውም 0.2 ላይ ነው።

ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። ለሪጅ ዜሮ አጠገብ ያለው የመጀመሪያ እርምጃ በነፃ እንደማለት ነው፤ ዋጋው የሚወደደው ከዜሮ እየራቁ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ መረጃው ጥቂት እንኳ ከገፋው ኮኤፊሸንቱ ከዜሮ ይነሳል። ላሶ ግን የመጀመሪያዋንም የመጨረሻዋንም እርምጃ በእኩል ዋጋ ያስከፍላል። የመረጃው ግፊት ከዚያ ዋጋ ካነሰ ኮኤፊሸንቱ በፍጹም አይነሳም። መረጃው 3 የሚለው ኮኤፊሸንት ቢሆን ላሶ አንድ ቀንሶ 2 ላይ፣ ሪጅ ደግሞ በግማሽ ቀንሶ 1.5 ላይ ያቆመው ነበር። ላሶ ለሁሉም እኩል ይቀንሳል፤ ሪጅ በድርሻ ይቀንሳል፤ በድርሻ መቀነስ ደግሞ ብቻውን ዜሮ ላይ አያደርስም።

ወደ ታካሚዎቹ እንመለስ። የቅጣቱ ክብደት የሚመረጠው መረጃውን በአሥር ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በተራ በመደበቅና በሌሎቹ በመተንበይ ነው። በዚህ መንገድ ላሶ ከስምንቱ አራቱን አቆየ፦ የዕጢውን መጠን በ0.533፣ የፕሮስቴቱን ክብደት በ0.169፣ ካንሰሩ ወደ ዘር ፈሳሽ ከረጢቶች መድረሱን በ0.094፣ ካንሰር ያልሆነውን የፕሮስቴት እድገት በ0.002። የቀሩት አራቱ፣ ያ ግራ ያጋባን የሽፋን መጣስም ጭምር፣ ልክ ዜሮ ሆኑ።

በሪጅም የሽፋን መጣሱ ኮኤፊሸንት 0.000 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን ያየ አንባቢ እንዳይሳሳት። እሱ የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ ኮኤፊሸንቱ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ ሲሻገር በአጋጣሚ ተይዞ ነው። ቅጣቱ ትንሽ ቢጨመር ዜሮን አልፎ ይሄዳል።

ስሌቱ ባላያቸው በቀሩት 30 ታካሚዎች ሲፈተን የተለመደው ሪግሬሽን ስህተት 0.521፣ የሪጅ 0.492፣ የላሶ 0.479 ነው። በሠላሳ ሰው ላይ ተመሥርቶ ላሶ ከሪጅ ይበልጣል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፤ ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዜሮውን የምናነብበት መንገድ ነው። የሽፋን መጣስ ዜሮ ሆነ ማለት ከፒኤስኤ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይደለም፤ ሊናገር የነበረውን አብዛኛውን የዕጢው መጠን ቀድሞ ተናግሮለታል። ሁለት መለኪያዎች በጣም ሲመሳሰሉ ላሶ አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል፤ የትኛው እንደሚወድቅም ጥቂት ታካሚዎች ሊወስኑት ይችላሉ። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፦ ከታካሚዎቹ ደጋግሞ በዕጣ እየመረጡ ላሶን እንደገና ማስላትና ማን ሁልጊዜ እንደሚቆይ፣ ማን አንዴ ገብቶ አንዴ እንደሚወጣ መቁጠር ነው። በ0.002 የተረፈው መለኪያ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ነው።