ሎጎው ለምን ድርቅ ብሎ ይቆማል?

አንድ የቡና መሸጫ ለማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ አጭር ቪዲዮ አሠራ እንበል። ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁም ጥሩ ነው። ሎጎው ግን ከግራ በኩል በአንድ ዓይነት ፍጥነት መጥቶ ግድግዳ እንደገጨ ሁሉ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ሥራው የጀማሪ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ይህን ለማስተካከል ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሾትከት በነፃ የሚወርድ፣ ኮዱ ክፍት የሆነና በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነው። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በሁለት ነገሮች ነው፤ በኪፍሬምና በኢዚንግ።

ኪፍሬም ከእጅ ሥዕል ዘመን የመጣ አሠራር ነው። በካርቱን ስቱዲዮዎች ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን ቁልፍ ቁልፍ አቋሞች ይስላል፤ በመካከላቸው ያሉትን ሥዕሎች ረዳቶቹ ይሞላሉ። ዛሬ የረዳቶቹን ሥራ ኮምፒውተሩ ወስዶታል። ባለሙያው መነሻውንና መድረሻውን ይነግረዋል፣ የቀረውን እሱ ያሰላል።

የቡና መሸጫው ሎጎ 400 በ400 ፒክስል ነው፤ ቪዲዮው ደግሞ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ሎጎው ከበስተጀርባው ነጭ ሣጥን ይዞ እንዳይመጣ ዳራው ብርሃን አሳላፊ የሆነ PNG ፋይል መሆን አለበት። ከቪዲዮው በላይ ባለው ትራክ ላይ ይቀመጥና Size, Position & Rotate የተባለው ፊልተር ይጨመርበታል። መጠኑ 400 በ400 ይደረጋል። ከPosition ጎን ያለችው የሰዓት ምልክት ስትጫን ኪፍሬም ይከፈታል።

በክሊፑ መጀመሪያ ላይ የአግድም ቦታው -400 ይደረጋል፤ ያኔ ሎጎው ከስክሪኑ ውጭ ነው። ከዚያ ጠቋሚው ወደ 20ኛው ፍሬም ይወሰድና ቁጥሩ ወደ 100 ይቀየራል። ሎጎው በ20 ፍሬም ውስጥ 500 ፒክስል ሊጓዝ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ Linear ከሆነ በየፍሬሙ እኩል 25 ፒክስል እየሄደ መጨረሻ ላይ ቀጥ ይላል። ድርቀቱ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በዓለም ላይ ክብደት ያለው ነገር እንዲህ አይቆምም፤ ባጃጅ እንኳ ተሳፋሪ ሲያወርድ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የዲዝኒ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባወጡት መጽሐፍ ይህን ከአኒሜሽን 12 መርሆች አንዱ አድርገው አስፍረውታል።

በሾትከት Keyframes በተባለው ሰሌዳ ላይ የኪፍሬሙ ነጥብ በቀኝ ጠቅታ ሲከፈት የዓይነቶቹ ዝርዝር ይመጣል። ለሚገባ ሎጎ የሚስማማው Ease Out ውስጥ ያለው Cubic ነው። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል፦ ሎጎው በመጀመሪያው ፍሬም ብቻ 71 ፒክስል ይወነጨፋል፣ ግማሽ ጊዜ ላይ ሲደርስ ከ500ው 437 ያህሉን ጨርሷል፤ የቀረችውን 63 ፒክስል በቀሪዎቹ 10 ፍሬሞች እየተንፏቀቀ ይደርስባታል። ሲወጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ Ease In ተመርጦ ቀስ ብሎ ይነሳና ፈጥኖ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢዚንጉን በሁለተኛው ነጥብ ላይ በማድረግ ነው። በሾትከት ምርጫው የሚገዛው ከነጥቡ በኋላ ያለውን መንገድ ስለሆነ መቀየር ያለበት የመጀመሪያው ነው። ምንም ለውጥ ካልታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላው ችግር ሎጎው መንገድ ላይ መንገጫገጩ ነው፤ ይህም ጠቋሚው በነጥብ ላይ ሳይሆን ቁጥር ሲነካ ሾትከት ሳይጠየቅ ሦስተኛ ነጥብ ስለሚፈጥር ነው። በሰሌዳው ላይ ነጥቦቹን መቁጠርና ትርፉን መሰረዝ ይበቃል።

ጽሑፉም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ብርሃን አሳላፊ ክሊፕ ላይ Text: Simple ይጨመርና ቦታው በሁለት ኪፍሬም ይንቀሳቀሳል። የመሸጫው ስም ከሎጎው 5 ፍሬም ዘግይቶ ቢነሳ ዓይን መጀመሪያ ሎጎውን፣ ቀጥሎ ስሙን ይከተላል። ሁለቱ እኩል ከተነሱ ግን ተመልካቹ የቱን እንደሚያይ ይቸገራል። ስሙ ከቆመ በኋላም ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ይሰጠው።

በዝርዝሩ ውስጥ Bounce እና Elastic የሚባሉም አሉ። እንደ ኳስ የሚነጥሩና እንደ ላስቲክ የሚንዘረዘሩ ናቸው፤ ለልጆች ዝግጅት ያምራሉ፤ ለሕግ ቢሮ ወይም ለክሊኒክ ሎጎ ግን አይሆኑም።