ተደጋጋሚ ረድፍ ሲጠፋ እውነተኛ ገቢም አብሮ እንዳይጠፋ

ብዙዎቻችሁ በወሩ መጨረሻ የገቢያችሁን ዝርዝር በኤክሴል አዘጋጅታችሁ ለሽቶየርበራተራችሁ ትልካላችሁ። የሁለት ሾፌሮች ዝርዝር አንድ ላይ ሲገለበጥ አንዱ ጉዞ ሁለት ጊዜ መግባቱ የተለመደ ነው። ኤክሴል ይህን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ መሣሪያ አለው። በጀርመንኛው ኤክሴል Daten በሚለው ክፍል ውስጥ Duplikate entfernen ይባላል። ነገር ግን ይኸው መሣሪያ በስህተት ከተያዘ በትክክል የተሠራበትን ጉዞ ያጠፋል። ያን ጊዜ ለፊናንስአምት ካገኛችሁት ያነሰ ገቢ አስታወቃችሁ ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ባለ ሁለት መኪና ታክሲ ባለንብረት በ3.3.2025 አራት ረድፎች አሉት እንበል። ዓምዶቹ Datum፣ Uhrzeit፣ Wagen እና Betrag ናቸው። የመጀመሪያው ረድፍ በ8፡10 መኪና 1 ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሴ የሄደበት 38 ዩሮ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ያው ጉዞ በስህተት ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነው። ሦስተኛው በ14፡25 መኪና 1፣ አራተኛውም በዚያው በ14፡25 መኪና 2፣ እያንዳንዳቸው 38 ዩሮ አስገብተዋል። ድምሩ 152 ዩሮ ይላል፤ ትክክለኛው ገቢ ግን 114 ዩሮ ነው።

መሣሪያውን ስትከፍቱ ዓምዶቹ በዝርዝር ይታያሉ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸዋል። መሣሪያው የሚያወዳድረው ምልክት ያለባቸውን ዓምዶች ብቻ ነው። ሁለት ረድፎችን ተደጋጋሚ የሚላቸውም በተመረጡት ዓምዶች ሁሉ አንድ ላይ ሲመሳሰሉ ነው። ከላይ ያለውን ረድፍ ያስቀራል፤ ከታች ያሉትን፣ ያልተመረጡት ዓምዶች የያዙትን ጨምሮ፣ ያጠፋል።

ስለዚህ ባለንብረቱ Datum እና Betrag ብቻ ቢመርጥ አራቱም ረድፎች አንድ ናቸው ተብለው 38 ዩሮ ብቻ ይቀራል። Uhrzeit ቢጨምር 76 ዩሮ ይቀራል፤ በ14፡25 ሁለት መኪናዎች መሥራታቸው አልታየምና። አራቱንም ዓምዶች ሲመርጥ ግን 114 ዩሮ ይመጣል። እንግዲህ መመረጥ ያለባቸው አንዱን ጉዞ ከሌላው የሚለዩት ዓምዶች ናቸው። ሱቅ ያላችሁ የደረሰኝ ቁጥርን አትርሱ፤ በአንድ ቀን ሁለት ደንበኞች በ12,50 ዩሮ ሊገዙ ይችላሉና።

በተቃራኒው ከረድፍ ረድፍ የሚለወጥ ተራ ቁጥር ያለበት ዓምድ ካለ ምልክቱን አንሱ። ያ ዓምድ ከተመረጠ አንድም ረድፍ ከሌላው ስለማይመሳሰል ምንም አይጠፋም። እንዲሁም መሣሪያው የሚያየው በሴሉ ላይ የሚነበበውን ነው። አንዱ ቀን 03.03.2025፣ ሌላው 3. März 2025 ተብሎ ከታየ፣ ቀኑ አንድ ቢሆንም የተለያየ ይለዋል። ከስም በኋላ የተረሳ ባዶ ቦታም እንዲሁ ነው። አስቀድማችሁ የቀኑን ዓምድ በሙሉ ወደ አንድ አጻጻፍ አምጡ።

ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ የሚጠፋውን በዓይናችሁ እዩ። መረጃው ከሀ እስከ መ ባሉት፣ ማለትም ከ A እስከ D ባሉት ዓምዶች ውስጥ ከሆነ፣ በ E2 ላይ ይህን ጽፋችሁ እስከ ታች ጎትቱ፦

```
=ZÄHLENWENNS(A$2:A2;A2;B$2:B2;B2;C$2:C2;C2;D$2:D2;D2)
```

1 ያለበት ረድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ነው፤ 2 እና ከዚያ በላይ ያለበት ግን ተደጋጋሚ ነው። በምሳሌያችን 2 የሚታየው በሁለተኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ መሣሪያውን ስትከፍቱ ከ E ላይ ምልክቱን አንሱ፤ ካልሆነ 1 እና 2 ስለሚለያዩ ተደጋጋሚው አይጠፋም። ሠንጠረዡን በሙሉ እንጂ የተወሰኑ ዓምዶችን ብቻ አትምረጡ። ያልተመረጡት ባሉበት ይቀሩና የአንዱ ጉዞ ገንዘብ ከሌላው ጉዞ ሰዓት ጎን ይቆማል።

ሥራው ሲያበቃ ኤክሴል ስንት እንዳጠፋና ስንት እንደቀረ ይነግራችኋል። ቁጥሩ አስቀድማችሁ ከቆጠራችሁት ካልተስማማ Strg+Z ተጭናችሁ መልሱት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በቅጂ ላይ ነው። የጀርመን የግብር ሕግ በአንቀጽ 146 የተመዘገበ ሂሳብ የመጀመሪያ ይዘቱ እስከማይታወቅ ድረስ እንዳይለወጥ ይከለክላል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡ፤ ከጎኑም የትኛው ረድፍ ለምን እንደወጣ በአጭሩ ጻፉ። መርማሪ ሲመጣ የ152 ዩሮው ዝርዝር እንዴት 114 እንደሆነ የሚያስረዳላችሁ ይህ ጽሑፍ ነው።