ስም ሳይጠሩ ምስጢር ማውጣት

የሐኪም ቤት ባልደረቦች ስለ ሕሙማን በስልክና በኢሜይል የሚጻጻፉትን ነገር ዛሬ እንመለከታለን። የታማሚ ምስጢር አማና መሆኑን የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ስም እኮ አልጠራሁም» በምንለው ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ክፍል ሠራተኞች ሠላሳ ሆነው የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው እንበል። ተረኛዋ ነርስ፣ «አልጋ 7 ያለችው ርእሰ መምህርት የቲቢ ውጤቷ ፖዘቲቭ ነው» ብላ ጻፈች። ስም የለም። ነገር ግን በዚያች ትንሽ ከተማ ስንት ሴት ርእሰ መምህራን አሉ? ከሠላሳዎቹ የአንዷ ልጅ የሚማረው እርሷ ዘንድ ነው። ሴትዮዋ ከአልጋዋ ሳትነሳ ወሬው ትምህርት ቤቷ ይደርሳል። ሰውን የሚያሳውቀው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ሥራው፣ ቀበሌው፣ አልጋውና ሕመሙ ሲገጣጠሙም ያሳውቁታል።

ታዲያ ነርሷ ምን ታድርግ? ለሚያክማት ሐኪም ብቻ፣ «የአልጋ 7 ውጤት ደርሷል፣ ካርዱን ይመልከቱ» ብላ ትጻፍ። ውጤቱ ከካርዱ አይወጣም። የሳንባ ቲቢ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ፣ የሚንከባከቧት ነርሶች ማወቃቸው ግድ ነው፤ እርሱ ግን በተራ ርክክብ ጊዜ በቃል ይነገራቸዋል። አጣዳፊ ከሆነ ደግሞ መደወል ይሻላል። ምስጢር መጠበቅ ሕክምናን ማዘግየት አይደለም።

«መተግበሪያው የተቆለፈ ነው» የሚሉም አሉ። የቴሌግራም ግሩፕ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሠጠረ አይደለም፤ ለጽሑፍ መልእክት እንዲህ ያለው ምሥጠራ የሚገኘው በሁለት ሰዎች «ምስጢራዊ» ውይይት ብቻ ነው። ዋትስአፕ የተመሠጠረ ቢሆንም የሚጠብቀው መልእክቱን በመንገድ ላይ ነው። ቅንብሩ ካልተቀየረ የተላከው የራጅ ፎቶ ስልኩ የፎቶ ማኅደር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማታ ልጃችን ለጨዋታ ስልኩን ሲይዝ፣ ጥጉ ላይ ስም የታተመበትን ራጅ ያያል። ሥራ ለቆ ከግሩፑ ያልወጣ ሰውም ማንበቡን ይቀጥላል። ኢሜይል ደግሞ የስም መጀመሪያ ሲጻፍ አድራሻውን ራሱ ስለሚሞላ፣ ከመላክ በፊት ተቀባዩን ማንበብ ያስፈልጋል።

አንዴ ካመለጠን መልእክቱን ቶሎ ከሁሉም ስልክ እናጥፋው። ሆኖም ያነበበው አንብቧልና ለኃላፊው እንንገር፤ ታማሚዋም ከሰው አፍ ሳትሰማ ይነገራት። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል።

ቤተሰቦችም ድርሻ አለን። ከተረኝነት የተመለሰችውን እህታችንን «እገሊትን ምን አሟት ነው?» ብለን አንጠይቃት። ስልኳን ስትቆልፍም «ምን ትደብቃለች?» አንበል፤ የቆለፈችው የሰው አማና ነው።